ራሳችሁ ያረማችሁት የልምምድ ፈተና ስንት ግሬድ ያመጣል?

አንድ እሁድ ማታ እህቴ ደወለችልኝ። ድምጿ ልክ አልነበረም። «ልጅቷ ሒሳብ ተፈትና 148 አመጣሁ አለችኝ። ከስንት ስላት ከ240። አሰላሁት፣ 62 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ምን ይሻለናል?»

አገር ቤት ተምሮ ላደገ ሰው 62 ከመቶ የሚያስጨበጭብ ቁጥር አይደለም። የእህቴ ልጅ ግን ለንደን ነው የተወለደችው፣ እና በጣም ደስ ብሏት ነበር። ከቤቷ ሆና ጂሲኤስኢ የሚባለውን የእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና፣ የ2019ኙን ሒሳብ ሠርታለች፣ ራሷ አርማዋለች፣ ሠንጠረዡን አይታ «7 አገኘሁ» ብላለች። 7 ደግሞ ከ9 ነው፣ ጥሩ ግሬድ ነው።

በማግስቱ ሄጄ ወረቀቶቹን አየሁ። ሁለቱም ተሳስተዋል። እናትየዋ የተሳሳተችው ከመቶው ላይ ነው፣ ልጅቷ ደግሞ እርማቱ ላይ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ወላጆችም ስለሚጠይቁኝ፣ ያን ቀን ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው። ምሳሌዬ ኤዴክሴል የሚባለው የፈተና ቦርድ የሚያወጣው የጂሲኤስኢ ሒሳብ ነው፣ ሃየር የሚባለው ከባዱ ደረጃ። ሌላ ቦርድ ወይም ሌላ ትምህርት ከሆነ ቁጥሮቹ ይለያያሉ፣ ሥራው ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ሦስት ነገር ከአንድ ቤት ሰብስቡ

የኤዴክሴል ሒሳብ ኮዱ 1MA1 ነው። ሦስት ወረቀት አለው። እያንዳንዱ ከ80 ይታረማል፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የመጀመሪያው ያለ ካልኩሌተር ነው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በካልኩሌተር። ድምሩ 240 ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ሦስት ነገሮች የፈተናው ወረቀት፣ ማርክ ስኪም የሚባለው የዚያው ፈተና የማረሚያ ዝርዝር፣ እና ለየግሬዱ ስንት ማርክ እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው የዚያው ወቅት የግሬድ ባውንደሪ ሠንጠረዥ ናቸው። «የዚያው» የሚለው ቃል ላይ ሙጭጭ በሉ። የ2019 ሰኔን ፈተና ሠርታችሁ በሌላ ዓመት ሠንጠረዥ መመዘን፣ በአንዱ ሱቅ ሚዛን የተመዘነውን በሌላው ሱቅ ዋጋ እንደ መክፈል ነው።

ምክንያቱ ይኼ ነው። ባውንደሪው ከፈተናው በፊት አይታወቅም። ተማሪዎቹ ተፈትነው፣ ወረቀቱ ታርሞ ካለቀ በኋላ ነው አንጋፋ ፈታኞች ቁጭ ብለው የተማሪዎቹን ሥራና ስታቲስቲክሱን እያዩ የሚወስኑት። ወረቀቱ ከበድ ካለ ባውንደሪው ዝቅ ይላል፣ ከቀለለ ከፍ ይላል። የሚወጣውም ነሐሴ ላይ፣ ውጤት በሚሰጥበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የዘንድሮ ባውንደሪ ይኼ ነው የሚል ሰው ቲክቶክ ላይ ካያችሁ፣ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ሌላው ወጥመድ ሃየርና ቀለል ያለው ደረጃ፣ ፋውንዴሽን፣ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ተጽፈዋል፣ ሁለቱም ከ240 ናቸው። የወረቀታችሁ ሽፋን ላይ 1MA1/1H ካለ ሃየር ነው፣ 1MA1/1F ካለ ፋውንዴሽን። ፋውንዴሽን ላይ ከ5 በላይ የለም፣ ባውንደሪውም ከሃየር ጋር አይገናኝም። አንድ አባት በፋውንዴሽን ያመጣውን ማርክ በሃየር መስመር አንብቦ ልጁን ሊሸልም ሲል ደርሻለሁ።

ዱባይ፣ ዶሃ ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ ኢንተርናሽናል ጂሲኤስኢ የምትፈተኑ ደግሞ ኮዳችሁ 4MA1 ነው። ሁለት ወረቀት ነው፣ እያንዳንዱ ከ100። ሠንጠረዡም የራሱ ነው።

የትኛውን ዓመት ልምረጥ ካላችሁ፣ 2019 ጥሩ መነሻ ነው። በ2020 እና በ2021 የሰኔው ፈተና በኮሮና ምክንያት አልተካሄደም። በ2022 ደግሞ አሰጣጡ ሆን ተብሎ ለስለስ ተደርጎ ነበር፣ ተማሪዎቹም የሚመጣው ርዕስ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። ስለዚህ በ2022 ሠንጠረዥ የተገኘ ግሬድ ትንሽ ያባብላል። የኅዳር ፈተናዎችም አሉ፣ ግን በአብዛኛው የሚፈተኑት 4 ሳያገኙ ቀርተው የሚደግሙ ልጆች ናቸው። ለመለማመድ እንጂ ለግምት አልወዳቸውም።

አሠራሩ ላይ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ

ስልክ ሌላ ክፍል። ሰዓት ጠረጴዛ ላይ። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሞላ እስክሪብቶውን ቀይሩ። በጥቁር የጀመራችሁትን በሰማያዊ ቀጥሉ። መጨረስ አትከልክሉ፣ ለትምህርቱ ይጠቅማል። ግን በሰማያዊ የተገኘ ማርክ ግምቱ ውስጥ አይገባም።

የእህቴ ልጅ ይኼን አላደረገችም ነበር። ስጠይቃት ግን ሁለተኛው ወረቀት ላይ «ሃያ ደቂቃ ያህል ጨምሬያለሁ» አለች። የትኞቹን ጥያቄዎች እንደሆነ ታስታውስ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለቱ ናቸው። ከእነሱ 5 ማርክ አግኝታለች። 5 ተቀነሰ።

ሌላም ነገር አለ። በዚያው ወረቀት ላይ አንዱን የ3 ማርክ ጥያቄ አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ በሰሌዳ ሠርቶላቸዋል። ቁጥሩ ሳይቀር ያው ነው። ይኼም ይወጣል፣ ምክንያቱም ያ ማርክ የሚናገረው ስለ ትዝታዋ ነው። 3 ተቀነሰ። ጥያቄው ተመሳሳይ ዓይነት ብቻ ከሆነ ግን አትቀንሱ፣ መለማመድ ማለት እኮ እሱ ነው።

ፎርሙላውም ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከ2022 ወዲህ ተማሪዎች ፈተና ውስጥ የፎርሙላ ወረቀት እየተሰጣቸው ነው። በ2019 ግን አልነበረም፣ ባውንደሪውም የወጣው በቃላቸው በያዙ ልጆች ውጤት ነው። 2019ን ስትሠሩ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። እሷ በዚህ በኩል ንጹሕ ነበረች።

እዚህ ድረስ 148 የነበረው 140 ሆነ። እርማቱን ገና አልነካነውም።

እርማቱ

ትልቁ ጣጣ እዚህ ነው። ማርክ ስኪም መልስ የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ይመስላል፣ ግን አይደለም። በመልሱ ጎን M1፣ P1፣ A1፣ B1፣ C1 የሚሉ ፊደላት አሉ። ብዙ ልጆች ፊደሎቹን ዘለው መልሱን ብቻ ያዩና «ገብቶኝ ነበር እኮ» እያሉ ለራሳቸው ይሰጣሉ።

M1 ማለት ለትክክለኛ ዘዴ የሚሰጥ አንድ ማርክ ነው። P1 ም የዚያ ዘመድ ነው፣ ረዘም ባለ የቃላት ጥያቄ ላይ ወደ መፍትሔው ለሚወስድ እርምጃ ይሰጣል። A1 ለትክክለኛ ውጤት ነው፣ እና ከተሳሳተ ዘዴ ከመጣ ብዙውን ጊዜ አይሰጥም። B1 ብቻውን የሚቆም ነው። C1 ደግሞ ለማስረዳት ነው፣ ምክንያቱን ጻፍ ሲባል። ግማሽ ማርክ የሚባል ነገር የለም። ወይ አንድ ነው ወይ ዜሮ።

ከጎናቸው ያሉት አጫጭር ቃላት ደግሞ ገንዘብ ናቸው። oe ካለ ከዚያ ጋር እኩል የሆነ አጻጻፍ ሁሉ ይያዛል። cao ካለ ያ መልስ ብቻ ነው፣ ሌላ አይያዝም። isw ካለ ትክክለኛውን መልስ ካገኘ በኋላ ተማሪው የጻፈው ነገር አይጎዳውም። ft ካለ ደግሞ ከፊቱ የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ቢመጣም፣ በዚያ ቁጥር የሠራው ዘዴ ትክክል ከሆነ ማርኩ ይሰጠዋል።

አሁን ሦስት ጥያቄ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹን ለዚህ ጽሑፍ ቀይሬያቸዋለሁ፣ ስህተቶቹ ግን የእሷ ናቸው።

የመጀመሪያው የጃኬት ጥያቄ ነው። ጃኬቱ 15 ከመቶ ቅናሽ ተደርጎበት 68 ፓውንድ ይሸጣል። ከቅናሹ በፊት ስንት ነበር? 3 ማርክ። እሷ የ68ን 15 ከመቶ አወጣች፣ 10.20። ጨመረችበት፣ 78.20። መልሱ 80 መሆኑን ስታይ ለራሷ 1 ሰጠች። ለምን ስላት «15 ከመቶውን በትክክል አውጥቻለሁ» አለች። ማርክ ስኪሙ ግን እንዲህ ይላል።

```
M1  100 − 15 (= 85) oe
M1  68 ÷ 0.85 oe
A1  80
```

የመጀመሪያው ማርክ የሚሰጠው 68 ከዋናው ዋጋ 85 ከመቶ መሆኑን ላየ ሰው ነው። እሷ አላየችም። 85 የሚል ቁጥር ገጹ ላይ የለም። ዜሮ ነው። ማርክ ለድካም አይሰጥም፣ ዝርዝሩ ላይ ለተጻፈ ነገር ብቻ ነው።

ሁለተኛው የኳድራቲክ ጥያቄ ነው። 2x² − 5x − 4 = 0፣ መልሱ በሦስት ሲግኒፊካንት ፊገር። ፎርሙላ ውስጥ በትክክል አስገብታለች፣ M1። (5 ± √57) ÷ 4 ድረስ አድርሳለች፣ M1። መልሷ ግን 3.14 እና −0.63 ነው። ትክክለኛው −0.637 ነው። «ትንሽ ነገር ናት» ብላ 3 ከ3 ሰጠች። A1 ሁለቱንም መልስ ይፈልጋል፣ በተባለው ልክ። 2 ነው። ይኼ ዓይነቱ ልቅነት በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ ሁለት ቦታ ይገኛል። ሲደመር ግን ግሬድ ይቀይራል።

ሦስተኛው ተቃራኒው ነው። በሁለት ነጥብ፣ በ(1, 1) እና በ(4, 7)፣ የሚያልፍ መስመር ስሎፕ ፈልጊ ይላል (ሀ)። 7 ሲቀነስ 1 ስድስት ብላለች። 4 ሲቀነስ 1 ግን በችኮላ ሁለት ብላለች። ስለዚህ ስሎፑ 3 ሆነባት፣ ትክክሉ 2 ነው። (ለ) ላይ ለዚያ መስመር ፐርፐንዲኩላር የሆነውን መስመር እኩልታ ይጠይቃል። በራሷ 3 ተነሥታ −1/3 ብላ ቀጠለች። መልሷ ስህተት ስለሆነ ለራሷ ዜሮ ሰጠች።

ማርክ ስኪሙ ግን (ለ) ላይ M1 ft ይላል። የእሷን ስሎፕ ገልብጣ ምልክቱን መቀየሯን ካሳየች ማርኩ የእሷ ነው። አሳይታለች። 1 ጨመርንላት። ጎበዝ ልጆች እንደዚህ ራሳቸውን ይበድላሉ። «የተሳሳተ ሁሉ ዜሮ ነው» ብለው ስለሚያስቡ ሁለተኛውን ክፍል አያነቡትም። ስለዚህ ማርክ ስኪም ላይ their የሚል ቃል ባያችሁ ቁጥር ቆም በሉ። የእናንተ ቁጥር ማለት ነው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። የሰረዛችሁት ሥራ በሌላ ካልተተካ ይታረማል። እና ጥያቄው «አሠራርሽን አሳዪ» ወይም «መሆኑን አረጋግጪ» ካላለ በቀር፣ ትክክለኛ መልስ ብቻውን ብዙውን ጊዜ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ካለ ግን መንገዱ መጻፍ አለበት፣ «መሆኑን አረጋግጪ» ላይማ መልሱ አስቀድሞ ስለተሰጣችሁ ማርኩ ያለው መንገዱ ላይ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ብዙ ያጣችው እዚህ ነው። መካከለኛውን መስመር በጭንቅላቷ ሠርታ ዘልላዋለች። ወረቀቱ ላይ የሌለውን ፈታኙ ከየት ያምጣው?

ሁለተኛው ዙር፣ እና «እንጃ» የሚባለው ዓምድ

መጀመሪያ ያረማችሁ ቀን ድጋሚ አትረሙ። ትዝታው ትኩስ ስለሆነ የጻፋችሁትን ሳይሆን ያሰባችሁትን ታነባላችሁ። ሁለት ሦስት ቀን ቆይታችሁ ተመለሱ። የሚያርም ሌላ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ሒሳብ ባይችልም ግዴለም። እህቴን ማርክ ስኪሙን አሲዤ «እዚህ 85 የሚል ተጽፏል?» ብዬ ጠየቅኋት። «የለም» አለች። በቃ፣ አረመች።

በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱን ማርክ ከሦስት አንዱ ጋር መድቡት። የተረጋገጠ፣ ያልተገኘ፣ ወይም እንጃ። እንጃ ማለት ፈታኙ ሊሰጥም ሊነፍግም የሚችለው ነው። ለምሳሌ ለC1 የተጻፈ ምክንያት ቃሉ ትንሽ ሲያፈነግጥ፣ ወይም 1 ይሁን 7 የማይለይ አሃዝ ሲያጋጥም። ተከራክራችሁ አትጨርሱት፣ እንጃ ውስጥ ጣሉት።

የእሷ እንዲህ ወጣ። ያለ አግባብ የሰጠቻቸው 6 ማርኮች ተቀነሱ። የነፈገቻቸው 2 ተጨመሩ። 140 ወደ 136 ወረደ። ከእነዚህ ውስጥ 5ቱ እንጃ ናቸው። ስለዚህ ዝቅተኛው 131፣ ከፍተኛው 136።

እንጃዎቹ ከአንድ ወረቀት 8 እና 10 ከደረሱ፣ እጅ ጽሕፈቱ ወይም አሠራሩ ለአራሚ የማይነበብ ነው ማለት ነው። ግምቱን አቁሙና መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ሠንጠረዡ ላይ ማስቀመጥ

የሰኔ 2019 የኤዴክሴል ሃየር ባውንደሪ ይኼ ነው፣ ከ240።

```
9    8    7    6    5    4    3
198  167  137  105  74   43   27
```

እያንዳንዱ ቁጥር ለዚያ ግሬድ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ማርክ ነው። አሁን የእህቴን ድንጋጤ ተመልከቱ። 7 ለማግኘት 137 ይበቃል፣ ያ 57 ከመቶ ነው። 4፣ ማለትም ብዙ ሰው «ማለፊያ» የሚለው፣ በ43 ይገኛል። 18 ከመቶ! ሃየር ከባድ ጥያቄ ስለሚበዛበት ነው። ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለውን «ከመቶ ስንት» የሚል ካልኩሌተር ዝጉት፣ እዚህ አይሠራም። ከ27 በታች ደግሞ ግሬድ የለም፣ U ነው።

131 እስከ 136 ከ105 በላይ ነው፣ ከ137 በታች። ግሬድ 6። በጣም ጥሩ በሚታሰብላት አራሚ እጅ እንኳ 7 በአንድ ማርክ ታመልጣታለች። መጀመሪያ ግን በ11 ማርክ አልፌያለሁ ብላ ነበር።

ግን «6» ብሎ መተው ብዙ መረጃ ይጥላል። 106 ያመጣውም 6 ነው። ስለዚህ ግሬዱን በነጥብ ጻፉት። 6 የሚባለው ከ105 ይጀምራል፣ 7 በ137 ይገባል። ርቀቱ 32 ነው። እሷ ከ105 በ26 ራቀች።

```
6 + (131 − 105) ÷ (137 − 105) = 6.8
6 + (136 − 105) ÷ (137 − 105) = 6.97
```

ከ6.8 እስከ 6.97። ይኼ ቁጥር የሚወደድበት ምክንያት የተለያየ ዓመት ፈተናዎችን ማወዳደር ስለሚያስችል ነው። ጥሬ ማርክ ከዓመት ዓመት አይወዳደርም። የነጥብ ግሬድ ግን እያንዳንዱ በራሱ ዓመት ባውንደሪ ስለተሰላ ይወዳደራል።

አንድ ወረቀት ብቻ ሠርቼ በ3 ባባዛስ?

ሁሉም ሰው የሚያደርገው ይኼን ነው። የሷ ሦስት ወረቀቶች በጥብቅ ሲታረሙ 39፣ 48 እና 44 ናቸው። ሁለተኛውን ብቻ ሠርታ ቢሆን ኖሮ 48 ሲባዛ በ3፣ 144 ይመጣል። ግሬድ 7! የመጀመሪያውን ብቻ ሠርታ ቢሆን 117፣ ከ6 መካከል እንኳ ትንሽ ዝቅ ይላል። አንዲት ልጅ፣ በአንድ ሳምንት፣ ሁለት ታሪክ።

ልዩነቱ የዕድል ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ወረቀት ያለ ካልኩሌተር ነው፣ እሷ ደግሞ ክፍልፋይ ላይ ትንሸራተታለች። አንድ ወረቀት በ3 ማባዛት ይኼን ድክመት ወይ ይደብቃል ወይ ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። ደግሞም ባውንደሪው የተወሰነው ለሦስቱ ድምር ነው።

ጊዜ ከሌላችሁ ቢያንስ የመጀመሪያውንና አንድ የካልኩሌተር ወረቀት ሥሩ። የካልኩሌተሩን ማርክ ሁለት ጊዜ ቁጠሩት፣ ያልሠራችሁትን ሦስተኛ ወረቀት እንዲወክል። በእሷ ሁኔታ አንደኛውና ሦስተኛው ቢሆኑ ኖሮ 39፣ 44 እና 44፣ ድምሩ 127 ይሆን ነበር። ከ131 ብዙም አይርቅም።

ሁለተኛ ስብስብ

አንድ ዓመት ፈተና አንድ ቀን ማለት ነው። የምትወዱት ርዕስ በርከት ብሎ ሊመጣ ይችላል፣ ወይም ደግሞ ሰርክል ቲዮረም ላይ ቂም የያዘ ፈታኝ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ስለዚህ ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ የሌላ ዓመት ሦስቱን ወረቀት በዚያው ሥርዓት ሥሩ። ሰዓት፣ ሁለት ቀለም፣ ማርክ ስኪም፣ እንጃ፣ የራሱ ዓመት ሠንጠረዥ።

የእህቴ ልጅ ሁለተኛው በጥብቅ ሲታረም 6.3 መጣ። አዘነች። ግን እሱ ነው የሚፈለገው። አንድ ላይ ስናያቸው ከ6.3 እስከ 6.97 ነው። ሁለቱ ስብስቦች በአንድ ሙሉ ግሬድ ከተራራቁ፣ ገና ግምት የላችሁም፣ ሦስተኛ ያስፈልጋል። በዚህ ያህል ከተቀራረቡ ግን የተለመደው የቀን ውጣ ውረድ ነው። ግምቱን ስትጽፉ መሐሉን ብቻ ሳይሆን ጫፎቹንም ጻፉ። የኛው እንዲህ ሆነ። «6 ይመስላል። 7 ይቻላል። ወደ 5 አይወርድም።»

ትምህርት ቤት የሚሰጠው ሞክ የሚባለው የሙከራ ፈተና ውጤት ከዚህ ጋር ካልገጠመ፣ ባውንደሪውን ከየት እንዳመጡት ጠይቁ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት የፈተናውን እውነተኛ ሠንጠረዥ ይጠቀማል። ሌላው ልጆቹ እንዳይዘናጉ ከፍ አድርጎ የራሱን ያወጣል። ሞኩ ላይ ጥሬ ማርኩ ከተጻፈና የየትኛው ዓመት ወረቀት እንደሆነ ካወቃችሁ፣ ራሳችሁ በእውነተኛው ሠንጠረዥ አስሉት። እዚያ ላይ ያረመው አስተማሪ ስለሆነ፣ ከራሳችሁ እርማት ይበልጥ እመኑት።

ከ6.8 ወደ 7 የቀረው 6 ማርክ ነው። የት እንዳለ ለማወቅ ያልተገኙትን ማርኮች በፊደላቸው ቁጠሩ። የጠፋው በአብዛኛው M እና P ከሆነ ርዕሱ አልገባም፣ ተመልሶ መማር ነው። የጠፋው በአብዛኛው A ከሆነ ርዕሱ ገብቷል፣ ስሌቱ ላይ መቻኮል አለ። የእህቴ ልጅ ጥብቅ ድምር 131 ሲሆን፣ ሦስቱ ወረቀቶች ላይ በማጠጋጋትና በምልክት ስህተት ብቻ የሄዱትን A ማርኮች ቆጥረን 9 አገኘን። ከሚያስፈልጋት ይበልጣል። ስለዚህ አዲስ ምዕራፍ አልከፈትንም። በየቀኑ አሥር ደቂቃ ያለ ካልኩሌተር ክፍልፋይ፣ መልስ ከመጻፍ በፊት ደግሞ ጥያቄው በስንት ፊገር እንዳለ ማስመር።

ግምቱን የጻፍንበትን ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው። ማታ አባቷ ከሥራ ገብቶ ቆሞ አነበበው። «6.8 ማለት ስንት ከመቶ ነው?» አለ። 55 ከመቶ ገደማ አልኩት። ምንም ሳይናገር እህቴን አየት አደረጋት። እሷ ሳህን እያቀረበች ነበር። «ቁጭ በል፣ እኔ አስረዳሃለሁ» አለችው።